እሁድ ሳይደርስ ንገሪው

«ሰላም እህቴ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ 27 ዓመቴ ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ የሆነ ልጅ አለ፣ ባጃጅ ነው የሚሠራው። አባቴ ታሞ ሪፈራል በተኛ ጊዜ 11 ቀን ሙሉ በነፃ እያመላለሰን፣ አንዳንዴም ሌሊት አብሮን እያደረ፣ እንደ ልጅ ሆኖልናል። ከዚያ ወዲህ ምሳ እንብላ ይለኛል። እኔም ሥራ በዝቶብኛል፣ ጾሙ ይፈታ፣ ትንሽ ልረጋጋ እያልኩ አራት ጊዜ አሳለፍኩት። ባለፈው ግን ቁርጡን ነገረኝ። ‹እንደ ወንድምሽ ጓደኛ አይደለም የምጠራሽ፣ እሁድ ፍቅር ሐይቅ እንቀመጥና የልቤን ልንገርሽ› አለኝ። እኔ ልቤ ውስጥ የለም፣ ወደፊትም አይኖርም። እናቴ ደግሞ እንደ አማቿ ነው የምታየው። ሳላዋርደው፣ ግን ዳግመኛ እንዳይጠይቀኝ አድርጌ ምን ልበለው? እ. ነኝ ከሐዋሳ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ የምልሽ እሁድ አትሂጂ ነው።

እኔም ያደግኩት እዚሁ ሐዋሳ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሱም ያውቃል፣ በዚያ የሚያልፈው ሁሉ ያውቃል። እምቢ ልትይው እንኳ ብትሄጂ መምጣትሽ ራሱ ግማሽ እሺታ ይሆንበታል። ቅዳሜ ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ባጃጁን ያሳጥባል፣ ሸሚዝ ያስተኩሳል፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ለአንድ ጓደኛው ያወራል። ይሄን ሁሉ ሆኖ፣ ሰው እያየው፣ ሐይቅ ዳር እምቢ መባል ውርደት ነው። አንቺም ፊቱን እያየሽ ልብሽ ይራራና ያሰብሽውን ሳትይ ትመለሻለሽ። አምስተኛ ቀጠሮ ይዘሽ ማለት ነው።

ስለዚህ ነገ ማታ ደውዪለት። ሥራ ጨርሶ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ። እየነዳ እያለ አይሆንም። ባጃጁ ውስጥ ተሳፍረሽም አትንገሪው፣ እሱ እየነዳ አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ስትነግሪው እሱም ፊቱን የሚያዞርበት የለው፣ አንቺም ወርደሽ የምትሄጂበት የለሽ። ባጃጅ ተራው ጋ ጓደኞቹ መሀልም አይሆንም። እናንተ ቤት ደግሞ እናትሽ ቡና አቅርበው መሀል ይገባሉ። በአካል ካልሆነ ክብር አይሆንም የሚሉ አሉ፣ ለብዙ ጉዳይ እኔም እስማማለሁ። ለዚህኛው ግን ስልክ ይሻላል፣ ምክንያቱም ስልክ ላይ ፊቱን ማንም አያይበትም፣ እሱም ስልኩን ዘግቶ ብቻውን መሆን ይችላል። በቴሌግራም ጽፎ መላክ ግን አባትሽ አልጋ አጠገብ ላደረ ሰው በጣም ያንሳል። ድምፅሽን ይስማ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ቃላቱ።

እስካሁን አራት ጊዜ ያልሽው ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላል። ጊዜ አለበት። ሥራ በዝቶብኛል ማለት ሥራ ሲቀንስ ማለት ነው። ጾሙ ይፈታ ስትይ እሱ ፋሲካን ቆጠረ። ትንሽ ልረጋጋ ስትይ ደግሞ እየጠበቀ መቼ እንደምትረጋጊ ያይሻል። እኛ ሰው ላለማስቀየም ብለን የምንላቸው «እስቲ እናያለን»፣ «ሌላ ጊዜ»፣ «ለጊዜው»፣ «ገና ነኝ» ሁሉም ቀጠሮዎች ናቸው። የሚናገረው ሰው እምቢታውን በጨዋ ደንብ የጠቀለለ ይመስለዋል። የሚሰማው ሰው ደግሞ፣ በተለይ የሚወድ ሰው፣ እምቢታውን ይጥልና ቀጠሮውን ይይዛል። እምቢ አላልሽኝም ብሎ ሊከራከርሽም ይችላል፣ ትክክልም ነው።

ይሄን የምናገረው ደርሶብኝ ነው። ተማሪ ሆኜ አንድ ልጅ ጠየቀኝ፣ ደህና ልጅ ነው፣ እኔ ግን አልፈለግኩትም። «ትምህርቴን ልጨርስ» አልኩት። ያኔ ሁለት ዓመት ይቀረኝ ነበር፣ ሁለት ዓመት ዘላለም መስሎኝ ነበር፣ እሱም ይረሳዋል ብዬ። የተመረቅኩ ቀን ቤታችን መጣ። ነጠላ የለበሰች አክስቱን ይዞ። አበባ ይዟል። «ይኸው ጨረስሽ» አለኝ፣ እየሳቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ሴት ቀና ብሎ አላየም ነበር። እዚያ ቤት፣ ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ አክስቱ ፊት የሆነውን አልረሳውም። ያን ቀን ያለቀሰው እኔ እምቢ ስላልኩት ብቻ አይደለም፣ ሁለት ዓመቱን ስለወሰድኩበት ነው። በመጀመሪያው ቀን ብነግረው አንድ ሳምንት ያዝን ነበር።

እና አንቺ ከምትናገሪው ውስጥ ጊዜ የሚያሳይ ቃል ሁሉ ይውጣ። «አሁን» ይውጣ። «ገና» ይውጣ። «ለጊዜው» እና «ምናልባት» ይውጡ። «አሁን ፍቅር ውስጥ መግባት አልፈልግም» ማለት እንኳ ነገ እፈልጋለሁ ማለት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው «አልችልም» የሚለው ነው። አልችልም ስትይ የሚከለክልሽ ነገር አለ ማለት ነው፣ አባት፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ሃይማኖት፣ ምን የመሰለ። የሚወድሽ ሰው ያንን እንቅፋት ላንሳልሽ ይላል። አባቷን ላናግር፣ በሥራ አላስቸግራትም፣ እጠብቃለሁ። «አልፈልግም» ስትይ ግን የሚነሳ እንቅፋት የለም። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ ለሰው ፊት ለፊት አልፈልግም ማለት ባለጌ የሚያስመስል ነገር ሆኖ ነው ያደግነው። ግን ልብ በይ፣ «አንተን አልፈልግህም» እና «ከአንተ ጋር የፍቅር ግንኙነት አልፈልግም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውየውን ይጥለዋል። ሁለተኛው የጠየቀሽን ነገር ብቻ ነው የሚመልሰው።

«ወንድም ነው የማይህ» የሚለውንም ተዪው። ብዙ ሴቶች ይሄ በጣም ደግ መልስ ይመስላቸዋል። እሱ ግን ከወንድምሽ ጋር አብሮ ያደገ፣ ቤታችሁ ወጥቶ የሚገባ ሰው ነው። ወንድም ካልሽው እንደ ወንድም መምጣቱን ይቀጥላል፣ እንደ ወንድም ያደርስሻል፣ እንደ ወንድም ማታ ማታ ይደውላል፣ ልቡ ግን ያው ነው። ጓደኛ አለኝ ብለሽ መዋሸትም አያዋጣም። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ እሱ ደግሞ ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል ቀኑን ሙሉ የሚዞር ሰው ነው። በሳምንት ውስጥ ማንም እንደሌለ ይደርስበታል። የዚያን ጊዜ ሌላ ሰው የለም ማለት ቦታው ክፍት ነው ማለት ይሆናል።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምለው። በራስሽ አፍ አስተካክዪው፣ ግን አታርዝሚው፦

«ስለ እሁዱ ነው የደወልኩት። የልብህን በግልጽ ነግረኸኛል፣ እኔም በግልጽ ልመልስልህ። ከአንተ ጋር የፍቅር ግንኙነት አልፈልግም። እሁድም አልመጣም። ከዚህ በፊት ሰበብ እየሰጠሁ አቆይቼሃለሁ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ይሄ ሐሳቤ ግን አይለወጥም፣ እንዳትጠብቀኝ።»

ይቅርታው የት እንዳለ አየሽ? ላቆየሽው ነው እንጂ እምቢ ላልሽው አይደለም። ያቆየሽው በእውነት ያንቺ ጥፋት ነው፣ አንድ ጊዜ በደንብ ይቅርታ በይ። አለመውደድሽ ግን ጥፋት አይደለም፣ ለእሱ ይቅርታ ይቅርታ እያልሽ ከደጋገምሽው ዕዳ ያለብሽ ይመስላል፣ ዕዳ ደግሞ ይጠየቃል። «እንዳትጠብቀኝ» የሚለውን ደግሞ በምንም ምክንያት አትዝለዪው። ከጠቅላላው ንግግር ለእሱ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ከዚያ ዝም በይ። ይሄ ነው ከባዱ። በስልክ ዝምታ ሲመጣ አምስት ሴኮንድ አምስት ደቂቃ ይመስላል፣ ሳታስቢው «አይዞህ፣ እስቲ እግዜር ያውቃል» የሚል ነገር ከአፍሽ ያመልጣል። ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ስድስት ወር ይኖርባታል። ዝም ይበል፣ አንቺም ዝም በይ፣ ይተንፍስ።

«ምን አጠፋሁ?» ሊልሽ ይችላል። «ምንም አላጠፋህም፣ ያ ስሜት የለኝም» በይው፣ በቃ። ቁመቱን፣ ሥራውን፣ ጠባዩን መዘርዘር ውስጥ አትግቢ። አንድ ምክንያት ከሰጠሽ ምክንያቱን ለማስተካከል ይነሳል፣ ሲያስተካክለው ደግሞ ቃልሽን ትጠየቂያለሽ። «ሌላ ሰው አለ?» ካለሽ፣ «ቢኖርም ባይኖርም መልሴ ይሄው ነው»። «ጊዜ ወስደሽ አስቢበት» ካለሽ፣ «አስቤበታለሁ» ብቻ። «እሺ ጓደኛ እንሁን» የሚለው ነው አጣብቂኝ ውስጥ የሚያስገባው፣ ምክንያቱም እሺ ማለት ቀላል ነው፣ ደግም ያስመስላል። እኔ ግን እንዲህ በይው እላለሁ፦ «የወንድሜ ጓደኛ ነህ፣ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ለየብቻ መገናኘትና መደዋወል ግን ይቅር።»

ምናልባት ተናዶ «ለዋልኩት ውለታ ይሄ ነው?» ሊልም ይችላል። በሐዘን የሚወጣ ቃል ነው፣ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። ግን የማትመልሽው ጥያቄ ሆኖ እንዳይቀር ስለ ውለታው ቁጭ ብለሽ ማሰብ ያለብሽ ከመደወልሽ በፊት ነው።

እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ የገባኝ፣ አራት ጊዜ ያመለጥሽው ከልጁ አይደለም፣ ከውለታው ነው። 11 ቀን ቀላል አይደለም። ነዳጅ አለበት፣ የቀን ገቢ ማጣት አለበት፣ እንቅልፍ አለበት። ይሄ ውለታ እውነተኛ ነው፣ መመለስም አለበት። ግን የዋለው ለአባትሽ፣ ለወንድምሽ፣ ለቤቱ ሁሉ ነው። ለምን አንቺ ብቻሽን በልብሽ ትከፍያለሽ? መመለሻው በቤቱ ስም ይሁን። አባትሽ አሁን ከተሻላቸው ራሳቸው ደውለው ያመስግኑት፣ የእሳቸው ምስጋና ካንቺ ምሳ በላይ ክብር አለው። ወንድምሽ በነፃ የተሄደበትን ቢያንስ የነዳጁን አስቦ እንደ ጓደኛ በዘዴ ይስጠው፣ አልቀበልም ካለም በሌላ መንገድ ይካሰው። በእሱ ቤት ሠርግ ወይ ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ቤተሰባችሁ በሙሉ ቀድሞ ይገኝ። አንቺ ደግሞ ከአሁን በኋላ ባጃጁ ላይ አትሳፈሪ፣ ግድ ሆኖ ከተሳፈርሽም እንደማንኛውም ተሳፋሪ ክፈዪ። በነፃ የተሄደ መንገድ ሁሉ ነገሩን መልሶ ያነሳዋል።

ስልክ ላይ ግን ውለታውንና እምቢታውን አታጣብቂያቸው። «በጣም ጥሩ ሰው ነህ፣ ለአባቴ የሆንከውን አልረሳም፣ ግን...» ካልሽ፣ ከ«ግን» በፊት ያለው ሁሉ ማባበያ መስሎ ይረክሳል። እሱ ካነሳው ብቻ «ውለታህን አባቴም እኔም አንረሳውም። መልሴ ግን ያው ነው» በይ። ከተሳደበ ደግሞ «ደህና እደር» ብለሽ ዝጊ፣ ሌላ ቃል አትጨምሪ።

እንደዘጋሽ፣ በዚያው ማታ፣ ቤተሰብሽን አናግሪ። እናትሽን አስቀድመሽ አትንገሪያቸው፣ ከመደወልሽ በፊት ልብሽን ያለሰልሱታል። ከደወልሽ በኋላ ግን አትደብቂያቸው፣ ከእሱ ወይ ከጎረቤት ከሰሙት ይብሳል። የምትለምኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እማዬ፣ እኔ መልሴን ሰጥቼዋለሁ። እባክሽ አንቺ ተስፋ አትስጪው።» ምክንያቱም አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውት «አይዞህ ልጄ፣ ልጅነት ነው፣ ትመለሳለች» ካሉት ያንቺ ስልክ እንዳልተደወለ ይሆናል። እሳቸው ቅር ይበላቸው፣ አይፈረድባቸውም፣ የሚወዱትን ልጅ አጡ። እንዲስማሙ አትጠብቂ፣ ዝም እንዲሉ ብቻ።

አባትሽም ይወቁ። ልጁ ቁም ነገረኛ ስለሆነ ሽማግሌ ልልክ ሊል ይችላል። በእኛ ወግ ደግሞ ሽማግሌ በመጣበት ቀን ወዲያው እምቢ አይባልም፣ ተመካክረን እንንገራችሁ ተብሎ ቀን ይቆረጣል። ለሽማግሎቹ አክብሮት ነው፣ ለእሱ ግን ሌላ ቀጠሮ ነው። አባትሽ ካወቁ ነገሩ ቤት ሳይደርስ በሩቁ ያስቀሩታል፣ ሽማግሎቹም እሱም በከንቱ አይደክሙም። ወንድምሽን ደግሞ አስታራቂ እንዳይሆን ንገሪው። ጓደኛውን ያጽናና፣ አብሮት ይዋል፣ ስለ አንቺ ግን መልእክት አያመላልስ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው። ልጁ ምናልባት ይርቃል። ቤታችሁ መምጣት ያቆማል፣ ፒያሳ ላይ ሲያይሽ አቅጣጫ ይቀይራል። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፣ ገብቶታል ማለት ነው፣ እየሻረ ነው። አንቺ ግን ደግ ስለሆንሽ ይከፋሽና «ተቀየምከኝ እንዴ?» ብለሽ ልትጽፊለት ትችያለሽ። አታድርጊው። ያ ጥያቄ ያንቺን ልብ ያሳርፋል፣ የእሱን ቁስል ይከፍታል። ሲሻለው ራሱ ሰላም ይልሻል።

ሌላው ደግሞ አይርቅም፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጠዋት «ደህና አደርሽ»፣ ማታ «በላሽ?»፣ ቴሌግራም ላይ አበባ። ምንም አልጠየቀም፣ ግን እየጠየቀ ነው። ለእነዚህ አትመልሺ፣ ለትህትና ብለሽም ቢሆን። ለበዓል «እንኳን አደረሰሽ» ካለሽ «እንኳን አብሮ አደረሰን» በይና እዚያው ይብቃ። መንገድ ላይ ሰላም ካለሽ ሰላም በይው፣ በስልክ ግን አይሆንም። ነገሩን በግልጽ ድጋሚ ካነሳው አንድ ጊዜ ብቻ «መልሴን ነግሬሃለሁ፣ አልተለወጠም፣ እባክህ ድጋሚ አታንሳብኝ» በይው። ከመጀመሪያው አጭር መሆን አለበት፣ አዲስ ማብራሪያ ከጨመርሽበት ክርክሩ ገና ነው ማለት ይሆናል። ለሦስተኛው መልስ የለም፣ ዝጊውና ለወንድምሽ ንገሪው።

ደግነት የሚያበቃበትም ቦታ አለ። ፋርማሲ ሲዘጋ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ከጀመረ፣ ከኋላሽ በባጃጅ ከተከተለሽ፣ በሰው ስልክ ከደወለ ወይም ካስፈራራሽ፣ ያ የተጎዳ ልብ ነው ብለሽ አትታገሺው። አብረውሽ የሚሠሩት በዚያው ቀን ይወቁ፣ ብቻሽን ወጥተሽ አትሂጂ፣ የላከልሽን ነገር አታጥፊ፣ ለአባትሽም ለፖሊስም ለመንገር አታመንቺ። ከጻፍሽልኝ ሁሉ ግን እሱ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይመስለኝም። ሐሳቡን ሳይደብቅ፣ ቦታና ቀን ቆርጦ፣ በወንድ ወግ ነው የጠየቀሽ። እንዲህ ለጠየቀ ሰው ቁርጥ ያለ መልስ ይገባዋል።

እሁድ በዚያ ሰዓት ሐይቁ አካባቢ አትታዪ፣ ለሌላ ጉዳይም ቢሆን። ገብርኤል ከሄድሽ ከእናትሽ ጋር ሂጂና በጊዜ ግቡ። ከደወልሽ በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፣ አባትሽም እንዴት እንደሆኑ አብረሽ ንገሪኝ። እግዚአብሔር ጨርሶ ይማራቸው።